በእድሩ ድንኳን ሥር ስለ ሃይማኖቴ

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ለእኔ ደግሞ ማይክሮፎን ሰጡኝ።

ከጀጎል ግንብ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር አካባቢ ያለው የሰፈራችን እድር ክርስቲያኑንም እስላሙንም የያዘ ነው። ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ ጀበናውና ብርጭቆው አንድ ነው። ሁለት የሆነው የወጥ ድስቱ ብቻ ነው፤ የሥጋ ነገር ስለሚለያይ። አሮጌው ድንኳን ተቀዶ ተቀዶ መጣፊያ ሲያጣ አዲስ ተገዛ። የእድሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ እስላም ሽማግሌ ናቸው። ድንኳኑ ሲመጣ፣ «ይሄን በለቅሶ አናስጀምረውም» አሉ። «አንድ እሁድ እንትከለውና ሻይ እንጠጣበት። ይኸው ስንት ዘመን አብረን ስንቀብር፣ አንዳችን የሌላችንን ሐዘን አናውቀውም። ከየሃይማኖቱ አንድ አንድ ሰው ይነሣና፣ በእኛ ቤት ሰው ሲሞት እንዲህ እናደርጋለን፣ እንዲህም የምናደርገው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው ብሎ አሥር አሥር ደቂቃ ያጫውተን።»

ከኦርቶዶክስ በኩል የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሳወራ ስለምውል ሰው አልፈራም። «እሷ እንደሆን አፍ አላት» ብለው ነው። ምስጋና መሆኑን አለመሆኑን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሆዴ የባሰው ግን በአንዲት ጎረቤቴ ነበር። በግንብ የምንዋሰን አሮጊት ሐረሪ ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። እናቴ ገበያ ስትውል ያበሉኝ፣ ፈተና ስወድቅ ከእናቴ ዱላ የደበቁኝ እሳቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለኛ ተረት አልነበረም። እናቴ ያረፈች ቀን ግን ሬሳው ከቤት ወጥቶ፣ ዳገቱን ጨርሰን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ፣ እማማ በሩ ላይ ቆሙ። የሰፈሩ እስላም ወንዶች ሳይቀሩ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ገብተው አፈር መልሰዋል። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከበሩ ውጭ ቀሩ። ዞር ብዬ አይቻቸዋለሁ። አርባ ዓመት አብረዋት የኖሯትን ሴት አሥር እርምጃ ነፈጓት ብዬ አንጀቴ አረረ።

ለቅሶ ቤት መጥተው ተቀምጠዋል፤ አልካድኩም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ግንቡን ዞሬ ቤታቸው አልረገጥኩም። ሳምቡሳ በሳህን ሲልኩልኝ ሳህኑን አጥቤ ባዶውን መለስኩ። በእኛ ሰፈር ባዶ ሳህን መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኋቸው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔና የሳቸው ዝምታ ግን እየነቀዘ ነበር። እንደዚሁ ከቀጠለ ሁለተኛ እናቴንም በቁሟ እንደምቀብር ይገባኝ ነበር። ይገባኛል፣ ግን እልኸኛ ነኝ።

ከእሁዱ በፊት ሰብሳቢው ሦስታችንንም ተናጋሪዎች ቤታቸው ጠሩን፤ እኔን፣ ከእስልምና በኩል አንድ ወጣት ኡስታዝ፣ ከወንጌል አማኞች ደግሞ አንድ ዝምተኛ የመብራት ሠራተኛ። ሰብሳቢው ፊት ለፊት አስቀምጠውን ደንብ አወጡ። «እያንዳንድሽ ስለ ራስሽ ብቻ ነው» አሉ፣ ሦስታችንንም አንድ ላይ እንደ ልጅ እየቆጠሩ። «‹እኛ እንዲህ እናምናለን› በሉ። ‹እነሱ እንዲያ ያምናሉ› የሚል ቃል እንዳልሰማ። ከሌላው መጽሐፍ መጥቀስ የለም፤ ለማመስገንም ቢሆን፤ ሰው የራሱን መጽሐፍ ከሌላ አፍ ሲሰማ ስህተት መፈለግ ነው የሚጀምረው። ኑ ግቡ ማለትም የለም፤ ለዚያ የየራሳችሁ ቦታ አላችሁ።»

ኡስታዙ፣ «ጥያቄስ?» አላቸው።

«ጥያቄ ይኑር እንጂ! መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ግን የሚጠይቅ ሁሉ ‹ላውቅ ብዬ ነው› ብሎ ይጀምር። እንዲህ ብሎ ጀምሮ ለመጣላት የሚደፍር ሰው ትንሽ ነው። የማታውቁትን ደግሞ ‹አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ› በሉ።»

በመጨረሻ ሰዓቱን ተነጋገርን። ክርስቲያኑ ከቅዳሴ ወጥቶ ምሳውን በልቶ ይረፍ፤ እስላሙ የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ ሰግዶ ይምጣ፤ ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ይለቅ። ሳምቡሳው የምስር ይሁን፤ ማንም ማንንም «ሥጋው የማን ነው» ብሎ እንዳይጠይቅ።

ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወጣቱ ኡስታዝ ምን ይል ይሆን? ጀጎል ውስጥ ስወጣ ስገባ፣ በየጠባቡ መንገድ የእስላም ሬሳ፣ ጀናዛ፣ ሲያልፍ ጥግ ይዤ ስቆም ኖሬአለሁ። ወንዶቹ ለምን እንደዚያ እንደሚፈጥኑ፣ ቃሬዛውን ለምን ከትከሻ ወደ ትከሻ እንደሚቀባበሉት አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የሰው ነገር ማወቅ እንደምወድ አገር ያውቃል፤ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ የማን ቤት ስንት እንደተከራየ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንዴት ይሄን ሳልጠይቅ ኖርኩ?

የምናገረውን በወረቀት ጻፍኩና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ያለሳቸው ፈቃድ ስለ ቤተ ክርስቲያን አፌን አልከፍትም። አባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡኝ።

«አባ፣ ስጀምር ‹በስመ አብ› ልበል ወይስ ልተወው? እስላሞቹ ቅር ይላቸው ይሆን?»

«ማማተብሽን ማን ይከለክልሻል? እንደ ልማድሽ አማትቢና ጀምሪ። ሲያዩሽ ማን እንደሆንሽ ያውቃሉ። ‹ተነሡ› አትበያቸው፤ ‹አሜን በሉ› አትበያቸው። ያልፀለየውን ሰው አሜን ማሰኘት ኪሱ እጅ እንደመክተት ነው።»

ከዚያ በጣም ያስቸገረኝን ዐረፍተ ነገር አነበብኩላቸው። ከሞት መዳን በክርስቶስ ብቻ እንደሆነ የሚናገር ነበር። ብተወው ሃይማኖቴን አሳንሼ አቀረብኩ፤ ብናገረው ደግሞ ግማሹን ድንኳን ፊት ለፊት ወደ ሲኦል ላክሁት። አባ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«ታምኚዋለሽ?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያው እንደ እምነትሽ ተናገሪው። ‹ተስፋችን ክርስቶስ ነው፣ እሱ ስለተነሣ እኛም እንነሣለን ብለን እናምናለን› በዪ። እሱ እውነት ነው፣ ሙሉም ነው። የሌላው ሰው መጨረሻ ምን እንደሚሆን መፍረድ ያንቺ ሥራ አይደለም፤ የኔም አይደለም።»

ስለ ተዝካር የጻፍኩትንም አስተካከሉልኝ። እኔ ተዝካር ማለት ድግስ አስመስዬው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ጸሎቱን፣ ቁርባኑንና ለድሃ መስጠቱን ነው፤ ሰንጋ መጣሉ የኛ ልማድ ነው። «ልማድንና ትምህርትን ለይተሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። «እንግዳ ሰው ልማዳችንን ትምህርት መስሎት ከሄደ ጥፋቱ የኛ ነው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን አላነበብኩላቸውም። እሷን ለእማማ ነበር ያዘጋጀኋት።

እሁድ ደረሰ። ድንኳኑ አዲስ ሸራ አዲስ ሸራ ይሸታል። እስላም ሴቶች በአንድ በኩል፣ ክርስቲያን ሴቶች በሌላ በኩል እንቀመጥ ይሆን ስል፣ ሁሉም እንደ ለቅሶው ቀን የለመደውን ወንበር ያዘ፤ ድብልቅልቅ ብሎ። እማማ ከፊት ሁለተኛው መስመር ላይ ናቸው። ዕጣ ሲወጣ መጀመሪያ እኔ ደረሰኝ።

አማተብኩና ጀመርኩ። ሰው ሲሞት «አረፈ» የምንለው ለትሕትና ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍ ነው፣ የሚያነቃን አለ ብለን ስለምናምን ነው አልኩ። ገላው ይታጠባል፣ ይገነዛል። ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ፍትሐት ለነፍሱ ምሕረት የምንለምንበት ጸሎት ነው። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ጊዜ እያረፈ ጸሎት የሚደረግለትም ለዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ ቆመው «ሰዎቹ ምን ሆኑ፣ ደከማቸው?» ያላችሁ ካላችሁ፣ አልደከመንም አልኩ። ሳቁ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል፤ ጌታ ከምሥራቅ ይመጣል ብለን ስለምንጠብቅ። አርባውን ተናገርኩ፤ ድግሱን ከጸሎቱ ለየሁ። ተስፋችን ማን እንደሆነም ልክ አባ እንዳሉኝ አልኩት። አንድም ፊት አልከፋም። አንድ እስላም ሽማግሌ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ሲሰሙኝ አየሁ፤ ደስ አለኝ። እንዲህ ተደምጬ አላውቅም።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ጊዜዬ ገና አላለቀም። ማጭዷን አወጣኋት።

«በእኛ ዘንድ ሙትን መሸኘት ትልቅ ነገር ነው» አልኩ። «ወንዱም ሴቱም ይሸኛል። እስከ መቃብሩ አፍ ያልመጣ ሰው ሸኘ አይባልም።»

ስለ ማንም አላወራሁም፤ የማንንም መጽሐፍ አልጠቀስኩም። በደንቡ ማንም ሊይዘኝ አይችልም። ዓይኔ ግን እማማ ላይ ነበር። አቀርቅረው የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትሉ ነበር።

ሰብሳቢው «ጥያቄ» ሲሉ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ሆኑ።

«ላውቅ ብዬ ነው» አሉ፣ በዚያ በቀስታው የሐረሪ አማርኛቸው። «እስላም ሴት ያንን በር ማለፍ ይፈቀድላታል? ግቢው ሐራም ይሆንባችኋል ወይ፣ ማለቴ እኛ ብንረግጠው?»

«ኧረ የለም» አልኩ። «ግቢው ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው፤ የቀብር ቀን ደግሞ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሕንፃው ውስጥ ለመግባት ነው ጫማ ማውለቅ፣ ሌላም ሥርዓት ያለው።»

«እሺ» አሉና ተቀመጡ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር፤ ግን ሻይዬ አልጣፈጠኝም።

ቀጥሎ ኡስታዙ ተነሣ። ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ፤ እሱም ማንንም ምንም በሉ አላለም። እኔ ቅሬታዬን ረስቼ ወደፊት ተጠጋሁ፤ ለካ ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ሲነገር ጆሮ ራሱ ይቆማል። ሰው ሲሞት «ኢና ሊላሂ» እንላለን፣ የአላህ ነን ወደሱም ተመላሾች ነን ማለት ነው አለ። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ያጥባል። መገነዣው፣ ከፈኑ፣ ስፌት የሌለው ነጭ ጨርቅ ነው፤ ሀብታሙም ድሃውም ያው። የጀናዛ ሶላት ቆመው ብቻ የሚሰገድ ነው፤ ማጎንበስም ግንባር መሬት ማስነካትም የለበትም። ወንዶቹ የሚፈጥኑት ቀብርን ማቻኮል ስለታዘዙ ነው። ቃሬዛውን የሚቀባበሉት ሁሉም ከምንዳው እንዲደርሰው ነው። የልጅነቴ ጥያቄ ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሰልኝ፤ «እህ!» እያልኩ አጠገቤ ያለችውን ሴት በክርኔ ስጎስማት ነበር።

«ሴቶቻችን ግን» አለ ኡስታዙ፣ «ጀናዛ ተከትለው አይሄዱም። ስለ ጥብቅነቱ ዑለማዎቹ የተለያየ ነገር ብለዋል፤ እሱን እዚህ አልገባበትም። እኛ አገር የተያዘው ግን ይሄ ነው፤ ሴት ከቤት ደጃፍ ትሸኛለች፣ ከዚያም በኋላ ዱዓዋን ቤት ሆና ታደርጋለች።»

እጄን አወጣሁ። እጄ ከኔ በፊት ነው የወጣው። «ላውቅ ብዬ ነው» አልኩ። «ለባሏስ?»

«ለባሏም ለልጇም» አለኝ። «የሷ መሸኛ ደጃፉ ነው። ባሏ ከሞተ ደግሞ ዒዳዋን ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ያለ ችግር ከቤት አትወጣም።»

ያን ጊዜ የእማማ ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው፣ የሞቱበት ቀን ፊቴ ላይ መጣብኝ። ልጃገረድ ነበርኩ፤ ጓዳቸው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ሻይ አቀርብ ነበር። ወንዶቹ ቃሬዛውን ብድግ አድርገው ሲወጡ፣ እማማ መቃኑን ይዘው ከደፉ ወዲህ ቆመዋል። ቃሬዛው መታጠፊያውን ካለፈ በኋላም እንደቆሙ ነበሩ። አቅም አጥተው መስሎኝ ወንበር አምጥቼላቸዋለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ነገር ይሄን ያህል ዘመን ሳላውቀው መኖሬ ገረመኝ፣ ከዚያ አስደነገጠኝ።

ሴትዮዋ ለባላቸው ከደፍ አላለፉም። ለእናቴ ግን ፈላና በርን አልፈው፣ ያንን ዳገት በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ መጡ። እኔ ያልሄዱትን አሥር እርምጃ ቆጠርኩ።

የመብራት ሠራተኛው ሦስተኛ ተነሥቶ ስለ መዝሙራቸውና ሐዘንተኛን ስለ ማጽናናት አጭርና ያማረ ነገር ተናገረ፤ አልዋሽም፣ ግማሹ አመለጠኝ። ሲጨርስ ሰብሳቢውን አንዲት ደቂቃ ለመንኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ፤ መግሪብ እየቀረበ ነው። «አንዲት ብቻ» አሉኝ።

ማይክሮፎኑን ያዝኩ። «ቅድም አንድ ነገር አበላሽቻለሁ» አልኩ። «እስከ መቃብሩ አፍ ያልመጣ ሰው ሸኘ አይባልም ያልኩት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። የኛ የሰፈር ልማድ ነው፤ ትንሽ ደግሞ የኔ የራሴ ሆድ መባስ አለበት። ትምህርት መስሏችሁ እንዳትሄዱ። ሰው እስከቻለበት ድረስ ከሸኘ ሸኝቷል።»

«ጥሩ» አሉ ሰብሳቢው። ሰው ሳምቡሳውን እየጨረሰ መነሣት ጀመረ።

እማማ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ፤ እንደ ልጅነቴ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ፤ አፍ አላት የተባለችው እኔ።

«እማማ» አልኩ፣ «ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን ልጄ?»

«ሴት ጀናዛ እንደማትከተል። ለጋሼም እንዳልሄዱ። ያን ሁሉ ጊዜ ስኮርፍ፣ ሳህኑን ባዶ ስመልስ፣ አንድ ቃል ቢሉኝ ምናለ?»

«አልጠየቅሽኝማ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይኮርፋል ብዬ ተውኩሽ። ደሞ ምን ልበልሽ? ወላሂ እኔም ያን ቀን ምን እንደሆንኩ አላውቀውም። ደጃፌ ላይ ቆሜ ልሸኛት ነበር። ሬሳው ሲያልፍ እግሬ ተከተለ። ልጄ ከኋላ ‹እማ፣ የት ነው?› ትለኛለች፤ አልመለስኩላትም። በሩ ጋ ስደርስ ነው የነቃሁት። ከዚያ ወዲያ ይፈቀድ አይፈቀድ በኔም በእናንተም አላውቅ። የማን ሕግ ያዘኝ መሰለሽ? ፈራሁ። ቆምኩ።»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ጉልበታቸው ላይ ግንባሬን አደረግሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። መግሪብ አዛን ከጀጎል በኩል መሰማት ሲጀምር ሊነሡ ክንዴን ያዙ።

«እናትሽ የት ጋ እንዳለች አሳዪኝ» አሉኝ። «ግቢው ክፍት ነው ብለሻል።»

«ነገ ጠዋት እወስድዎታለሁ» አልኩ። «ከዚያ ደግሞ፣ ሐራም ካልሆነ፣ የጋሼን ያሳዩኛል።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሱን እንኳ ሌላ ሰው ጠይቂ» አሉ። «እኔ የት ጋ እንዳለ አላውቅም።»